ላክ ኦፐሮን፦ ግሉኮስ ሲያልቅ ላክቶስ የሚጀመርበት መንገድ

ላክ ኦፐሮን በአንጀታችን በሚኖረው ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ጅኖችና የእነሱ መቆጣጠሪያ ነው። ላክ-ዜድ የተባለው ጅን ቤታ-ጋላክቶሲዴዝን ያሠራል። ይህ ኢንዛይም የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ግሉኮስና ጋላክቶስ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ላክ-ዋይ ደግሞ ላክቶስን ከውጭ የሚያስገባውን ፐርሚዬዝ ያሠራል፤ በር ልንለው እንችላለን። ሦስተኛው ላክ-ኤ ነው። ላክቶስ ለመብላት ስለማያስፈልግ እንለፈው።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ግራፍ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያዎችን ሁለት ዓይነት ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አሳደገ። ግሉኮስና ላክቶስ አንድ ላይ ሲቀርቡ ባክቴሪያዎቹ ግሉኮሱን ብቻ እየበሉ በፍጥነት ይባዛሉ። ግሉኮሱ ሲያልቅ እድገቱ ቀጥ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ መስመሩ እንደገና ይነሳል። አሁን የሚበላው ላክቶስ ነው። ሞኖና ፍራንሷ ዣኮብ ለዚህ የሰጡትን ማብራሪያ በ1961 አሳተሙ። በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ቁልፉ አፋኝ ፕሮቲን ነው። የሚሠራው ላክ-አይ ከሚባል ሌላ ጅን ሲሆን፣ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ ያለው አሥር ገደማ ብቻ ነው። ላክቶስ በሌለበት ጊዜ ኦፕሬተር የሚባለውን የዲኤንኤ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ቦታው ጅኖቹ ከሚጀምሩበት ደጃፍ ላይ ስለሆነ ዲኤንኤውን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው ፖሊሜሬዝ ሥራውን መጀመር አይችልም። አፋኙ ሁለት እጅ እንዳለው ነው። በአንዱ ዋናውን ኦፕሬተር፣ በሌላው ራቅ ያለ ሁለተኛ ኦፕሬተር ይዞ መሃል ያለውን ዲኤንኤ ያጎብጠዋል። እንዲህ ሲይዝ አጥብቆ ይይዛል።

ይህን የሚፈታው ላክቶስ ራሱ አይደለም፤ አሎላክቶስ የሚባል ቅርጹ በትንሹ የተቀየረ ስኳር ነው። አሎላክቶስን የሚሠራው ደግሞ ያው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ነው። ታዲያ ኦፐሮኑ ተዘግቶ በሩም ኢንዛይሙም ከየት ይመጣል? እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው። መልሱ ኦፐሮኑ ፈጽሞ ድርግም ብሎ አይዘጋም የሚል ነው። አፋኙ አልፎ አልፎ ከዲኤንኤው ላይ ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ፐርሚዬዝና ጥቂት ኢንዛይም ይሠራሉ። ላክቶስ ውጭ ካለ በእነዚህ ጥቂት በሮች ትንሽ ይገባል፤ ከፊሉ አሎላክቶስ ይሆናል። አሎላክቶስ የያዘው አፋኝ ቅርጹ ተለውጦ ኦፕሬተሩን ይለቃል። በሮች ይበዛሉ፣ ተጨማሪ ላክቶስ ይገባል። በመጨረሻ የኢንዛይሙ መጠን ወደ ሺህ እጥፍ ገደማ ያድጋል።

አፋኙ መልቀቁ ብቻ ግን አይበቃም። ፖሊሜሬዝ ሥራውን ለመጀመር የሚይዘው የዲኤንኤ ቦታ ፕሮሞተር ይባላል፤ የላክ ኦፐሮን ፕሮሞተር ደግሞ ደካማ ስለሆነ ፖሊሜሬዝ ብቻውን በደንብ አይዘውም። ካፕ የተባለ ረዳት ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ካፕ ዲኤንኤውን የሚይዘው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ሲይዝ ነው። እሷም ግሉኮስ ሲያንስ ትበዛለች።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ይህ ግን የግሉኮስን ዋና ሥራ ይደብቃል። በ1996 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ በግሉኮስም ሆነ በላክቶስ በሚያድጉ ሴሎች ውስጥ ያለው የሳይክሊክ ኤኤምፒ መጠን ተቀራራቢ ነው። አፋኙ የተበላሸባቸው ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንን የመሃል ፋታ አላሳዩም። ስለዚህ ግሉኮስ በዋናነት የሚሠራው ላክቶስን ከበር በመመለስ ነው። ግሉኮስ ወደ ሴሉ ሲገባ ፎስፌት የሚያቀብለው አንድ ፕሮቲን አለ። ግሉኮስ እየጎረፈ ሳለ ይህ ፕሮቲን ፎስፌቱን አስረክቦ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ባዶውም ፐርሚዬዝ ላይ ተለጥፎ በሩን ይዘጋል። ላክቶስ ካልገባ አሎላክቶስ የለም፣ አፋኙም አይለቅም። ግሉኮስ ሲያልቅ ፕሮቲኑ ፎስፌቱን እንደያዘ ይቆያል፤ በሩን ይለቅና ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚሠራውን ኢንዛይም ያነቃቃል።

ብልሽት ሲኖር በዓይን ይታያል። ኤክስ-ጋል የሚባለው ነገር በቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ሲሰነጠቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ እሱ ራሱ ግን ኦፐሮኑን አይከፍትም። ስለዚህ ላክቶስም ግሉኮስም በሌለበት ሳህን ላይ ጤነኛ ባክቴሪያ ነጭ ሆኖ ያድጋል። ሰማያዊ የሆነ ካለ ኦፐሮኑ ያለ ትእዛዝ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ወይ አፋኙ፣ ወይ ኦፕሬተሩ ተበላሽቷል። ለመለየት ጤነኛ የላክ-አይ ቅጂ ይጨመርለታል። አፋኝ ፕሮቲን በሴሉ ውስጥ ተንሳፍፎ የትኛውም ኦፕሬተር ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ችግሩ የአፋኙ ከነበረ ባክቴሪያው ወደ ነጭ ይመለሳል። ኦፕሬተር ግን የሚያዘው አጠገቡ ያለውን ዲኤንኤ ብቻ ነው። የተበላሸው እሱ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል አፋኝ ቢጨመር ሰማያዊነቱ አይለቅም።