ጋሼ ሌላውን ሲያቋርጥ

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ጉባኤ ሥርዓት ሲያስይዝ፣ አንዱ እየተናገረ ሳለ ለተቀመጠው ሌላ ነገር ቢገለጥለት ፊተኛው ዝም ይበል ይላል (1ኛ ቆሮ. 14፥30)። ልብ በሉ፣ ዝም እንዲል የታዘዘው ወሬኛው አይደለም፤ ትንቢት የሚናገረው ነው። የያዘው መልእክት ከእግዚአብሔር ቢሆንም እንኳ ለሌላው ተራ መልቀቅ አለበት። ምክንያቱንም ያስከትላል፦ ሁሉም እንዲማሩ፣ ሁሉም እንዲመከሩ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንምጣ። ሳቢያን አካባቢ አንድ የጽዋ ማኅበር ተሰብስቧል እንበል። ወሬው ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስለሚሄዱበት መኪና ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቀስ ብለው፣ «መዋጮው ዘንድሮ ለእኔ...» ይላሉ። ጋሼ ከአፋቸው ይነጥቃሉ። «መዋጮማ ድሮ ቀረ!» ብለው በእግር ስለተሄደበት ዘመን ይተርካሉ። ጨዋታቸው ይጣፍጣል፣ ሰውም ይስቃል። እናታችን ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ይላሉ። መክፈል እንዳቃታቸው ማንም አልሰማም። በሚቀጥለው ወር ቢቀሩ «አሟቸው ይሆናል» ይባላል።

ጉዳቱ ይሄ ነው። ጊዜ መባከኑ ቀላል ነው፤ ችግሯን ልትናገር የደፈረች ነፍስ ግን ሁለተኛ ላትደፍር ትችላለች።

ታዲያ ማን ይናገር? የማኅበሩ ሙሴ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ። እንዴት ይናገር? «ሽማግሌ የሆነውን አትገሥጸው፥ ነገር ግን እንደ አባት ለምነው» (1ኛ ጢሞ. 5፥1)። እኛ ድሬ ላይ ትልቁንም «አንተ» ስለምንል፣ ልመናው በድምፃችን ይታይ። «ጋሼ፣ አንዴ ታገሠኝ። እትዬ ስለ መዋጮው ዘንድሮ ለእኔ ብለሽ ነበር፣ ጨርሺልን። ከዚያ ጋሼ ትቀጥላለህ።» የተቋረጠችውን በራሷ ቃል መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ባዶ «ቀጥዪ» ከተባለች «ተዉት፣ ምንም አይደል» ትላለች። ለጋሼ የተገባው ተራም ይሰጠው፤ ካልተሰጠው በሚቀጥለው ጊዜ አያምነንም።

በሰው ፊት «ኧረ በቃ!» ማለት ግን አይሠራም። እሱ ያኮርፋል፣ ሌላውም ይፈራል።

ከስብሰባው በኋላ ጌታ እንዳዘዘ ብቻውን ይነገረው (ማቴ. 18፥15)። ያኔውኑ ደጅ ላይ ሳይሆን ሰንበት ብሎ፣ ቤቱ ተሂዶ። «ወሬ ታበዛለህ» ከተባለ ይከራከራል። «እትዬ ሳትጨርስ ገባህ፣ መክፈል አቅቷት ነበር» ቢባል ግን ብዙ ጊዜ ይደነግጣል፤ አላየማ። እግረ መንገድ ጆሮውንም ማየት ነው። ዕድሜው ገፍቶ የማይሰማ ሰው ሌላው መጨረሱን ሳያውቅ ይገባል፤ ለእሱ መድኃኒቱ ከሙሴው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ሰምቶም፣ ገብቶትም ካልተወ፣ የሚያከብራቸውን አንድ ሁለት ሰዎች ይዞ መመለስ ነው (ማቴ. 18፥16)።