የልቦለድ ረቂቅ መሃሉ ሲቀዘቅዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መሃሉ የሚያሰለቸው ስለረዘመ ነው፤ ገጽ ብቀንስለት ይስተካከላል።»

ርዝመት አንዳንድ ጊዜ ጥፋተኛ ቢሆንም፣ መሃሉን ብዙውን ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ትዕይንቱ ሲያልቅ ነገሩ ሲጀምር በነበረበት መቆየቱ ነው። ይህን ለመለየት ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ ባለታሪኩ ሲገባ ምን ነበረው፣ ሲወጣስ ምን ቀረው? ለምሳሌ ብርሃኑ የተባለ ልብስ ሰፊ፣ አጎቱ የያዘውን የአባቱን ሱቅ በክስ ለማስመለስ የሚታገልበትን ረቂቅ እናስብ። ከምዕራፍ 6 እስከ 11 ብርሃኑ አምስት ቢሮዎች ይመላለሳል፤ ከሁሉም «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይወጣል። ጸሐፊዋና ወንበሩ ይለያያሉ፣ የምጽፈው መስመር ግን አምስቴም አንድ ነው። ቢሮዎቹን ወደ ሁለት ብንቀንሳቸው ያው ቅዝቃዜ በጥቂት ገጽ ይቀራል።

«ታሪኩ እንዲከብድ ሞት፣ እሳት ወይም እስር ያስፈልገዋል።»

ብርሃኑ ክርክሩን ትቶ ቢመለስ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ጎረቤቱ ቢሞት እንኳ አንባቢው ለሱቁ አይጨነቅም። ታሪኩን የሚያከብደው ባለታሪኩ የሚያጣው ነገር ለእርሱ የቀረበ መሆኑና መመለሻው እየተዘጋ መሄዱ ነው። ስለዚህ በምዕራፍ 7 ለጠበቃ የሚከፍለውን ገንዘብ የሚያገኘው መተዳደሪያው የሆነውን የስፌት መኪና አስይዞ ይሁን። በምዕራፍ 8 ደግሞ የእናቱን ቀለብ በየወሩ የሚሰፍረው ያው የከሰሰው አጎቱ መሆኑን ይወቅ፤ ከዚህ በኋላ ማሸነፉም ራሱ ያስከፍለዋል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር አይደለም፦ የእናቱ ጉዳይ ከመኪናው ከቀደመ፣ መኪናው ሲያዝ አንባቢው ሸክሙ የቀለለ ይመስለዋል።

«አንባቢ ያልጠበቀው ነገር ከመጣ ታሪኩ ተገልብጧል ማለት ነው።»

ብርሃኑ መንገድ ላይ ቢዘረፍ ያልተጠበቀ ነው፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ሱቅ በዚያው መንገድ ይፈልጋል። በምዕራፍ 9 በመዝገብ ቤት የሽያጭ ውል ወጥቶ፣ ሱቁን ለአጎቱ የሸጠው ዕዳ የገባው አባቱ ራሱ መሆኑ ቢታወቅስ? «ሌባ» ሲባል የኖረው አጎት የወንድሙን ገመና የሸፈነ ሰው ይሆናል፤ ብርሃኑ ክሱን ከቀጠለ የአባቱን ገመና በችሎት ያወጣል፣ ከተወ ደግሞ መኪናው አይመለስም። ይህ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስል ወደ ኋላ ሄዶ ዘሩን መዝራት ያስፈልጋል። በምዕራፍ 2 አጎቱ ሲሰደብ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ በምዕራፍ 3 ብርሃኑ በአባቱ የልኬት ደብተር ላይ ጭራው ረዥም የሆነውን ፊርማ በጣቱ ይከተለዋል። ውሉ ሲገለጥም ከስሙ በፊት ያንን ጭራ ያውቀዋል።

ከዚያ ምዕራፍ 10 እና 11 እንደ አዲስ ይጻፋሉ። የድሮዎቹ ገጾች ቃል ሳይነካባቸው ከውሉ ቀጥሎ መቆም ከቻሉ፣ ታሪኩ ገና አልተገለበጠም።