ትሪያል ባላንስን ከሦስቱ መግለጫዎች ጋር ማያያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ትሪያል ባላንሱ ዴቢቱም ክሬዲቱም እኩል ወጥቷል፤ ስለዚህ ሂሳቡ ልክ ነው።»

እኩልነቱ የሚናገረው ለእያንዳንዱ ዴቢት ተመጣጣኝ ክሬዲት መመዝገቡን ብቻ ነው። የማሽን ጥገና ወጪ በስህተት «ማሽነሪ» ሂሳብ ላይ ቢገባ፣ ወይም አንድ ደረሰኝ ጭራሽ ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ድምሩ አሁንም እኩል ነው። ስለዚህ ኤክሴሉን ከመክፈቴ በፊት የባንኩን ሂሳብ ከባንክ መግለጫ፣ ተሰብሳቢውን ከደንበኞች ዝርዝር፣ ክምችቱን ከቆጠራው ውጤት ጋር አስታርቃለሁ። ይህ ሳይደረግ የተሠራ ፋይል ስህተቱን ወደ ሦስቱ መግለጫዎች፣ ማለትም ወደ ትርፍና ኪሳራ፣ ወደ ሀብትና ዕዳ እና ወደ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት፣ ከማዳረስ ሌላ ሥራ የለውም።

«እያንዳንዱን የመግለጫ መስመር ከትሪያል ባላንሱ ሴል ጋር በእኩል ይሆናል ምልክት ካያያዝኩ ይበቃል።»

ለአንድ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን እንዲህ የተያያዘ ሴል የሚያውቀው ቦታውን እንጂ ሂሳቡን አይደለም። ከማስተካከያ ምዝገባ በኋላ አዲሱን ትሪያል ባላንስ በአሮጌው ላይ ስትለጥፉ፣ መሃል ላይ አንድ አዲስ ሂሳብ ከተጨመረ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ይወርዳል። ያኔ የደመወዙ መስመር የኪራዩን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ትርፉ ላይ ለውጥ ላይታይ ስለሚችል ማንም አያስተውለውም።

የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ሂሳብ የመግለጫ ኮድ መስጠት ነው። ኮዱንም ከሂሳቡ ጎን በእጅ አትጻፉት፤ እሱም ከረድፉ ጋር ይዛነፋል። `MAP` በሚል ሌላ ሺት ላይ የሂሳብ ቁጥሩንና ኮዱን አስቀምጡ። `TB` ሺት ላይ የሂሳብ ቁጥሩ በ`A`፣ ቀሪ ሂሳቡ በ`D` አምድ ቢሆን (ዴቢት በመደመር፣ ክሬዲት በመቀነስ ምልክት)፣ የመጀመሪያው ፎርሙላ ኮዱን ወደ `E` አምድ ያመጣል፣ ሁለተኛው መግለጫው ላይ በ`A` አምድ በተጻፈው ኮድ ይደምራል፣ ሦስተኛው ኮድ ያጡትን ይቆጥራል፦

```
=IFERROR(VLOOKUP(A2,MAP!$A:$B,2,FALSE),"")
=SUMIFS(TB!$D$2:$D$200,TB!$E$2:$E$200,$A5)
=COUNTIFS(TB!$A$2:$A$200,"<>",TB!$E$2:$E$200,"")
```

ሦስተኛውን ብዙዎች ይተዉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመንበት እሱን ነው። `SUMIFS` ኮድ የሌለውን ሂሳብ ምንም የስህተት ምልክት ሳያሳይ ዘሎት ያልፋል። ቆጠራው ዜሮ ካልሆነ፣ ወይ አዲስ ሂሳብ ተከፍቷል፣ ወይ ከሂሳብ ሶፍትዌሩ የወጣው ቁጥር እንደ ጽሑፍ ተቀምጦ `MAP` ላይ ካለው ጋር አልተገናኘም።

«የሀብትና ዕዳ መግለጫው 58 ሺህ ልዩነት አመጣ። ልዩነቱን ያልተከፋፈለ ትርፍ ላይ ልጨምረውና ላስተካክለው።»

የአንድ ድርጅት የሁለት ዓመት መዝጊያ ቀሪ ሂሳብ እንዲህ ነው እንበል፤ ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው።

| ሂሳብ | አምና | ዘንድሮ |
|---|---|---|
| ጥሬ ገንዘብ | 120 | 63 |
| ተሰብሳቢ | 80 | 130 |
| ክምችት | 100 | 115 |
| መሣሪያ | 300 | 360 |
| የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ | (60) | (80) |
| ተከፋይ | 70 | 90 |
| ብድር | 150 | 120 |
| ካፒታል | 200 | 200 |
| ያልተከፋፈለ ትርፍ | 120 | ? |

የዘንድሮው ሀብት 588 ነው። ዕዳና ካፒታሉ ከትሪያል ባላንሱ ላይ ካለው ያልተከፋፈለ ትርፍ ጋር ሲደመር ግን 530 ብቻ ይመጣል። ምክንያቱም ሂሳቡ ገና ስላልተዘጋ ትሪያል ባላንሱ ላይ ያለው 120 የዓመቱ መጀመሪያ ቁጥር ነው። የዘንድሮው ትርፍ 98 በገቢና በወጪ ሂሳቦች ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው፤ ለባለድርሻዎች የተከፈለው 40 ደግሞ ለብቻው ተቀምጧል። ስለዚህ መስመሩ 120 + 98 − 40 = 178 መሆን አለበት። 98ቱም በእጅ የሚጻፍ ሳይሆን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው የመጨረሻ መስመር የሚመጣ ነው።

በእጅ ቢሞላ ዛሬ ያው 178 ይደረስበታል። ነገ ግን አንድ ወጪ ኮድ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣው ልዩነት ሙሌቱ ውስጥ ይደበቃል። በተቃራኒው፣ ሶፍትዌሩ ዓመቱን ዘግቶ ከሆነ 178 አስቀድሞ ትሪያል ባላንሱ ላይ ስለሚገኝ፣ ትርፉና ለባለድርሻዎች የተከፈለው ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው ትሪያል ባላንስ ከመጡ ፎርሙላው 58ቱን ሁለተኛ ጊዜ ይደምራል። ገቢና ወጪ ሂሳቦቹ ዜሮ መሆናቸውን ማየት የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል።

«የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው መጨረሻ ከባንኩ ቀሪ ሂሳብ ጋር ከገጠመ፣ መግለጫው ትክክል ነው።»

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ሂሳብ የአምናና የዘንድሮ ልዩነት ብቻ ወስዳችሁ ብትደምሩ፣ መግለጫው ሁልጊዜ ይገጥማል። ሁለቱም ዓመታት ሚዛናዊ ስለሆኑ፣ ከጥሬ ገንዘብ ሌላ ያሉት ሂሳቦች ለውጥ ድምር የጥሬ ገንዘቡ ለውጥ መሆኑ ግድ ነው። መግጠሙ ቁጥሮቹ በየክፍላቸው ስለመቀመጣቸው ምንም አይናገርም።

ከላይ ባለው ምሳሌ እንሞክረው። የተጠራቀመው ቅናሽ ከ60 ወደ 80 ስላደገ 20 ወደ ትርፉ ይመለሳል። ተሰብሳቢው 50፣ ክምችቱ 15 ገንዘብ ይወስዳሉ፤ ተከፋዩ 20 ያመጣል። ከሥራ የተገኘው 98 + 20 − 50 − 15 + 20 = 73 ይሆናል። መሣሪያው በ60 ስላደገ ኢንቨስትመንቱ −60፣ ብድርና የትርፍ ድርሻ −70 ነው። ድምሩ −57፤ 120 ሲቀነስ 57፣ 63። ገጠመ።

መዝገቡ ሲከፈት ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ40 የተገዛና 30 ቅናሽ የተያዘለት ማሽን በ18 ተሽጧል፤ የ8 ትርፍ ተገኝቶበታል። የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ወጪም 20 ሳይሆን 50 ነበር፤ 30ው ከተሸጠው ማሽን ጋር ስለወጣ ለውጡ 20 ብቻ መሰለ። በ100 አዲስ ማሽን ተገዝቷል፤ ከ300 ላይ 100 ተጨምሮ 40 ሲወጣ ነው 360 የመጣው።

ትክክለኛው ስሌት 98 + 50 − 8 − 50 − 15 + 20 = 95 ነው። የሽያጩ ትርፍ 8 የሚቀነሰው ሙሉው 18 ኢንቨስትመንት ክፍል ስለሚገባ ነው። ኢንቨስትመንቱ −100 + 18 = −82፣ ፋይናንሱ ያው −70። ድምሩ አሁንም −57። ሆኖም ድርጅቱ ከሥራው ያገኘው ገንዘብ በ22 አንሶ፣ ለመሣሪያ ያወጣውም በዚያው ልክ አንሶ ቀርቦ ነበር። ብድር ለመስጠት መግለጫውን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ደግሞ የሥራውን ክፍል ነው።

መፍትሔው በመሣሪያና በተጠራቀመ ቅናሽ መስመሮች ላይ አንድ ተጨማሪ ሺት ነው፦ መነሻ፣ ጭማሪ፣ ሽያጭ፣ መድረሻ። ጭማሪውና ሽያጩ ከቋሚ ንብረት መዝገብ ይመጣሉ፤ መድረሻው ከትሪያል ባላንሱ ጋር ይነጻጸራል። የፍሰት መግለጫው የሚያያዘው ከዚህ ሺት ጋር እንጂ ከሁለቱ ቀሪ ሂሳቦች ልዩነት ጋር አይደለም። አንድ ፈጣን ፍተሻም አለ፦ ፍሰቱ ላይ የተመለሰው የእርጅና ቅናሽ ትርፍና ኪሳራው ላይ ካለው ወጪ ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ 20 እና 50 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ስህተቱ ወዲያው ይታይ ነበር።

ለብድሩም ያው ነው። አዲስ የተወሰደውና የተከፈለው ለየብቻ መታየት አለባቸው። ማሽኑ በቀጥታ በብድር ተገዝቶ ጥሬ ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ደግሞ በሁለቱም ክፍሎች አይገባም፤ በማብራሪያ ብቻ ይገለጻል።