ብራንድ ኦዲት የሚመረምረው ምንድን ነው?

ብራንድ ኦዲት የሒሳብ ምርመራም አርማ የመቀየር ሥራም አይደለም፤ ድርጅቱ ለደንበኛው የገባው ቃል ደንበኛው በሚያየውና በሚሰማው ሁሉ መጠበቁን በማስረጃ ማጣራት ነው።

ፒያሳ ሱቅ ያለው፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥና 10 ዓመት የሞላው ድርጅት «በዚህ ሳምንት የተቆላ» የሚል ቃል አለው እንበል። መርማሪው አስቀድሞ ይህን ቃል በጽሑፍ ያሰፍራል፤ አለበለዚያ ምርመራው የቀለም ምርጫ ክርክር ሆኖ ይቀራል። ማሸጊያውን ከመጋዘን ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያ ይገዛል፤ በተለያየ ጊዜ የታተሙ ከረጢቶች ጎን ለጎን የሚገኙት እዚያ ነውና። አንዱ ከረጢት ቡናው የተቆላበትን ቀን ሲይዝ ሌላው የአገልግሎት ማብቂያውን ብቻ ከያዘ፣ ገዢው ቃሉን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ድረ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉም በዚሁ ቃል ይመዘናሉ፤ ከገበያ የወጣ ከረጢት ፎቶ አሁንም ተለጥፎ ከሆነ ይመዘገባል።

የሠራተኞች አቀራረብ ግን በመጠይቅ በትክክል አይታወቅም፤ ሠራተኛው ለአለቃው የሚመልሰውና ለገዢ የሚመልሰው ይለያያልና። ስለዚህ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው እንደ ገዢ ገብቶ፣ በተለያየ ሰዓት ለተለያዩ ሻጮች «ይህ ቡና መቼ ነው የተቆላው?» የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ሻጩ «አላውቅም» ካለ፣ እርሱን ከመውቀስ በፊት ከረጢቱን ማየት ተገቢ ነው፤ ቀኑ ካልታተመበት ጉድለቱ የማሸጊያው በመሆኑ፣ ቀድሞ የሚታረመው ኅትመቱ ነው፤ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይከተላል።