የተከታታይ አርኤልሲ ሰርኪት ትራንስፈር ፈንክሽን፣ ፖሎቹና ዳምፒንጉ

ሬዚስተር (R)፣ ኢንዳክተር (L) እና ካፓሲተር (C) በተከታታይ ተያይዘው ከአንድ የቮልቴጅ ምንጭ ጋር ሲገናኙ በሦስቱም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው፤ ስሌቱም የሚነሳው ከዚሁ ነው። በኪርኾፍ የቮልቴጅ ሕግ መሠረት የሦስቱ ቮልቴጅ ድምር ከምንጩ ቮልቴጅ ጋር እኩል ይሆናል። ውጤቱ የሚለካው ካፓሲተሩ ላይ ከሆነና ሰርኪቱ መጀመሪያ ላይ ምንም ኃይል ካላከማቸ፣ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ Vc፣ የምንጩን Vin ብንል፣ በላፕላስ ትራንስፎርም ከረንቱ `I = C·s·Vc` ይሆናል፤ s የላፕላስ ተለዋዋጭ ነው። ይህን በሬዚስተሩ ቮልቴጅ `R·I` እና በኢንዳክተሩ ቮልቴጅ `L·s·I` ውስጥ ተክተን ከ Vc ጋር ስንደምር የሚከተለውን፣ ከዚያም የውጤቱና የምንጩ ሬሾ የሆነውን ትራንስፈር ፈንክሽን H(s) እናገኛለን፦

```
Vin = (L·C·s² + R·C·s + 1)·Vc
H(s) = Vc/Vin = 1/(L·C·s² + R·C·s + 1)
```

ውጤቱ ከሬዚስተሩ ወይም ከኢንዳክተሩ ላይ ቢወሰድ የሚለወጠው ላዕሉ ብቻ ነው። ታህቱ ያው ስለሆነ ፖሎቹ የሰርኪቱ እንጂ የመለኪያው ቦታ ንብረት አይደሉም።

ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉት ሁለቱ የ s ዋጋዎች ፖሎቹ ናቸው፦

```
s = -R/(2L) ± √((R/(2L))² - 1/(L·C))
ζ = (R/2)·√(C/L)
```

ውዝዋዜው ምን ያህል እንደሚታፈን የሚነግረን የዳምፒንግ ሬሾ ζ ከ1 ሲያንስ ፖሎቹ ኮምፕሌክስ ጥንድ ይሆናሉ። እውናዊ ክፍላቸው ውዝዋዜው በምን ፍጥነት እንደሚሞት፣ ምናባዊ ክፍላቸው ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚወዛወዝ ይነግረናል።

L 10 ሚሊሄንሪ፣ C 1 ማይክሮፋራድ፣ R 40 ኦህም ይሁኑ። ፖሎቹ -2000 ± j9798 ሲሆኑ ζ 0.2 ነው። የ5 ቮልት እርከን ድንገት ቢሰጠው የካፓሲተሩ ቮልቴጅ በ0.32 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ 7.6 ቮልት ይዘላል፤ ይህም የ53 በመቶ ያህል ብልጫ ነው። ከዚያ እየተወዛወዘ በ2 ሚሊሰከንድ አካባቢ 5 ቮልት ላይ ይረጋጋል። R 200 ኦህም ሲደርስ ሁለቱ ፖሎች -10000 ላይ ይገጥማሉ፣ ብልጫውም ይጠፋል። R 1000 ኦህም ሲሆን ግን ፖሎቹ ወደ -1010 እና -98990 ይራራቃሉ፤ ሩቁ ፖል ቶሎ ስለሚሞት ሰርኪቱ ኢንዳክተር የሌለው ያህል በ`R·C` ጊዜ ብቻ በዝግታ ይሞላል።

ይህን ሰርኪት በቤተ ሙከራ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ 53 በመቶውን አያገኝም፤ ስሕተቱም በአብዛኛው ከሂሳቡ ሳይሆን ከ R ትርጉም ነው። የሲግናል ጀነሬተሩ የ50 ኦህም ውስጣዊ ሬዚስታንስና የኢንዳክተሩ ጥቅል ሽቦ፣ 10 ኦህም እንበል፣ ከ40 ኦህሙ ጋር በተከታታይ ስለሚቆሙ እውነተኛው R 100 ኦህም ነው። ያኔ ζ 0.5 ይሆንና ብልጫው ወደ 16 በመቶ ይወርዳል፣ ኦሲሎስኮፑም ከ7.6 ይልቅ 5.8 ቮልት ያህል ያሳያል። ስለዚህ ከተለካው ብልጫ ተነስቶ ζን፣ ከ ζም ጠቅላላውን R ወደ ኋላ ማስላት ያልታየው ሬዚስታንስ ስንት እንደሆነ ያሳውቃል። ይህ መንገድ የሚሠራው ግን ብልጫ እስካለ፣ ማለትም ζ ከ1 እስካነሰ ድረስ ነው።