«ሲስተም የለም» ካለፈ በኋላ የሚጻፈው ሪፖርት፦ የሚባለውና እውነታው

ለምሳሌ ሰኞ ነው እንበል፣ የባቲ ገበያ ቀን። ከደሴ እስከ ባቲ ያሉ ሱቆች የሚጠቀሙበት የክፍያ ሲስተም ጠዋት ላይ ቀጥ አለ። ሪፖርቱ ሲጻፍ የሚሰማው ይኸውላችሁ።

«ሰዓት መደርደር ምን ይከብዳል?»

የማንን ሰዓት? የባቲዋ ነጋዴ 3:10 ላይ ቆመ ትላለች። የገዢው ስልክ 9:10 ይላል። የሰርቨሩ ሎግ ደግሞ 06:10፣ ብዙ ሰርቨር በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘግብና እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። አንዱን መርጣችሁ ከላይ ካልጻፋችሁ ግን የሎጉን 06:10 ቀትር ላይ የሚያነበው ሰው አይጠፋም፣ ያኔ መዘዙ ከመንስኤው ቀድሞ ቁጭ ይላል። ቡድኑ ያወቀበትንም ጻፉ። 3:35 ላይ ደንበኛ ደውሎ ከሆነ ያወቃችሁት፣ 25 ደቂቃ አላርም አልጮኸም ማለት ነው።

«መንስኤው ግልጽ ነው፣ ባንኩ ዘገየ።»

ባንክ ሁሌም ይዘገያል። አንድ ባንክ ሲዘገይ የሌሎቹ ባንኮች ክፍያ ለምን አብሮ ቆመ? ሲስተሙ ለሁሉም ባንኮች የጋራ 50 መስመር አለው፣ አንዱ መስመር በአንድ ጊዜ አንድ ክፍያ ብቻ ይይዛል። ወደ ዘገየው ባንክ በሰከንድ 4 ክፍያ ይሄዳል። በ1 ሰከንድ ሲመልስ የሚያዘው 4 መስመር ብቻ ነው። ዝም ሲል ግን እያንዳንዱ ክፍያ የመጠበቂያው ገደብ እስኪያልቅ መስመሩን ይዞ ይቀመጣል። ገደቡ 5 ሰከንድ ቢሆን 20 መስመር ይያዝና ሌላው ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ግን ወደ 30 ከፍ ተደርጓል። 4 በ30፣ 120። በ13 ሰከንድ ውስጥ ሃምሳውም ሞላ። እሁድ ባንኩ ፈጣን ስለነበር ማንም አላየውም።

«ታዲያ 30 ያደረገው ማነው? ስሙ ይውጣ።»

ስሙ ከወጣ ቀጣዩ ሰው ይደብቃል፣ ሌላ የምታተርፉት የለም። የሚጠቅመው ለውጡ ባንኩን ሆን ብሎ በማዘግየት ሳይሞከር እንዴት አለፈ የሚለው ነው።

«4:05 ላይ ተመለሰ፣ አለቀ።»

ለእናንተ ነው ያለቀው። የመጠበቂያው ገደብ አለፈ ማለት ክፍያው ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ባንኩ ዘግይቶ ብሩን ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ነጋዴዋ ገዢውን «አልገባም፣ ድገመው» ካለችው ደግሞ ሁለቴ ተቆረጠ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የተንጠለጠለው ክፍያ ሁሉ በሪፈረንስ ቁጥሩ ከባንኩ መዝገብ ጋር ይመሳከር፣ በትርፍ የተቆረጠው ብር ይመለስ። የመጨረሻው ብር የተመለሰበት ቀንም ሪፖርቱ ውስጥ ከተደረደረው ሰዓት ጋር ይግባ።

«ቀጣይ እርምጃ፦ ጥንቃቄ እናደርጋለን።»

ይሄ እርምጃ አይደለም፣ ተሠራ አልተሠራም ብሎ የሚያጣራው የለም። እርምጃ እንዲህ ነው፦ ገደቡ ወደ 5 ይመለስ፤ አንድ ባንክ ከ20 መስመር በላይ እንዳይዝ ይታጠር፤ ከ50ው 40 ሲያዝ አላርም ይጩህ፤ ሲስተሙ ራሱ ክፍያ ሲደግም በድሮው ሪፈረንስ ቁጥር ይሁን፣ ባንኩ ያው ክፍያ መሆኑን እንዲያውቅ። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ኃላፊና አንድ ቀን ይጻፍ፣ «ቡድኑ» ተብሎ አይታለፍ።