የራስን የአሳሳል ስታይል በሎራ ማስተማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቀለም ብዕር እስላለሁ። ወፍራም መስመር፣ ጥቁር ጥላ፣ ብዙ ባዶ ቦታ። ምስል የሚፈጥረው ሞዴል በዚህ እጅ እንዲስልልኝ ፈልጌ ሎራ የሚባለውን፣ ሞዴሉ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሰለጥን 60 ሥዕል ሰጠሁት፤ የወጣው ግን የኔ እጅ አልነበረም። ሞዴሉ ስህተት አልሠራም። የሰጠሁትን ነው የተማረው። ከዚያ ወዲህ የሚስሉ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሆነ ከነመልሱ ልጻፈው።

«ሥዕል በበዛ ቁጥር ስታይሌን የበለጠ ይይዘዋል፤ ያለኝን ሁሉ ልስጠው።»

ከብዛቱ ይልቅ ስብጥሩ ነው ወሳኙ። ከ60ዎቹ ሥዕሎቼ 41ዱ ወደ ግራ የዞረ የሴት ፊት ነበሩ። ሰልጥኖ ሲያልቅ ብስክሌት ስጠኝ አልኩት። ብስክሌቱ መጣ፣ አጠገቡ ግን ወደ ግራ የምታይ ሴት ቆማለች። ሞዴሉ «ይሄ ስታይል ነው፣ ይሄ ደግሞ የተሳለው ነገር ነው» ብሎ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚያየው ሥዕሎቹ በጋራ ያላቸውን ነው፤ በጋራ ያላቸው ደግሞ መስመሩ ብቻ ሳይሆን ፊቷም ጭምር ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ይማራል።

ሌላም ነገር ነበር። ሥዕሎቹን በስልክ ያነሳኋቸው ማታ በመብራት ስለሆነ ወረቀቱ ሁሉ ቢጫ ይላል፣ ግራ ጥጉ ላይም የእጄ ጥላ አለ። ሎራው ያንን ጥላ ሳይቀር ተማረው! ከታች በስተቀኝ የምፈርመው ፊርማም በየምስሉ የማይነበብ ጭረት ሆኖ ይወጣ ነበር።

ለሁለተኛው ሙከራ 24 ሥዕል ብቻ መረጥኩ፦ 7 ፊት፣ 5 ሙሉ ሰውነት፣ 4 እንስሳ፣ 4 ቤትና መንገድ፣ 4 የቤት ዕቃ። ሁሉንም ስካን አደረግኩ፣ ፊርማዬን አጠፋሁ። በ24ቱ የሚደጋገመው ነገር መስመሬና በብዕር የምስለው ጥላ ብቻ ሆነ። በደንብ የሠራው ያኔ ነው።

«በየሥዕሉ መግለጫ ላይ ስታይሌን በዝርዝር ብጽፍለት ይገባዋል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ለመረዳትም ጊዜ የሚወስደው ይሄው ነው። እያንዳንዱ ሥዕል አጠገቡ አንድ የ`.txt` ፋይል አለው፣ እዚያ ውስጥ ሥዕሉ ላይ ያለው ነገር በቃል ይጻፋል። ሞዴሉ ሲማር በቃል የተጻፈውን ነገር ከዚያ ቃል ጋር ያያይዘዋል። ያልተጻፈውን፣ ግን በየሥዕሉ የሚደጋገመውን ነገር ደግሞ የት ያድርገው? ስታይሉን በኋላ ለመጥራት በየመግለጫው ከምናስገባው ከመጥሪያው ቃል ጋርና ከራሱ ከሎራው ጋር ነው የሚያጣብቀው። እኛም የምንፈልገው ስታይላችን እዚያ እንዲቀመጥ ነው።

ስለዚህ የሚጻፈው የተሳለው ነገር ነው እንጂ አሳሳሉ አይደለም። «ወፍራም ጥቁር የቀለም መስመር» ብለህ በየመግለጫው ከጻፍክ መስመሩ ከነዚያ ቃላት ጋር ይታሰራል፤ በኋላ ምስል ስትጠይቅ ቃላቱን ካልደገምካቸው ስታይሉ ደክሞ ይመጣል። ምስል የሚፈጥሩት የስቴብል ዲፊዩዥን ሞዴሎች ቃል የሚረዱት በዋናነት በእንግሊዝኛ ስለሆነ መግለጫውም በዚያው ይጻፋል። የአንዷ ሥዕሌ መግለጫ ይሄ ነው፦

```
zkline, a woman sitting on a chair, looking left, long dress, empty background
```

`zkline` መጥሪያው ቃል ነው። ትርጉም የሌለውን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ምክንያቱም ሞዴሉ ቀድሞ የሚያውቀው ቃል ቢሆን የድሮ ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። `looking left` ብዬ መጻፌንም ልብ በሉ። ወደ ግራ መዞሯ የስታይሌ አካል ስላልሆነ በቃል ስሰጠው ከስታይሉ ይነጠላል፣ ቀኝ ስለው ወደ ቀኝ ይዞርልኛል። ባዶው ጀርባ ላይ ግን ለራሴ መወሰን ነበረብኝ። ሁሌ እንዲመጣ ከፈለግኩ አልጽፈውም፣ ስጠይቅ ብቻ እንዲመጣ ከፈለግኩ እጽፈዋለሁ።

«ረጅም ሰዓት ባሰለጥነው ይሻላል፤ የስህተት ቁጥሩም እየቀነሰ ነው።»

ስክሪኑ ላይ `loss` የሚለው ቁጥር ሥዕሉ ያማረ መሆኑን አይነግርም። ለስታይል ሎራ መቼ ማቆም እንዳለብህ ከሱ አታውቅም፣ በዓይን ማየት ነው ያለብህ።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። 24ቱን ሥዕሎች በየዙሩ 10 ጊዜ እንዲያያቸው አዘዝኩ፣ አንድ በአንድ ስለሚያይ አንድ ዙር 240 እርምጃ ይሆናል። 10 ዙር አስኬድኩና በየዙሩ መጨረሻ ፋይሉን አስቀመጥኩ። ከዚያ በአሥሩም ፋይል አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኩ፣ የመነሻ ቁጥሩንም (ሲድ የሚሉትን) ሳልቀይር፣ ያለበለዚያ ልዩነቱ ከስልጠናው ይምጣ ከዕድል አይታወቅም። የጠየቅኩት ደግሞ በሥዕሎቼ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ነገር ነው፦ ድልድይ።

ዙር 2 ላይ ድልድዩ ተራ ምስል ነው፣ የኔ እጅ የለበትም። ዙር 4 ላይ መስመሩ መወፈር ጀመረ። ዙር 6 ድልድዩም ድልድይ ነው፣ መስመሩም የኔ ነው። ዙር 8 ላይ ድልድዩ ላይ የማላውቀው ወንበር መጣ፣ ከሥዕሎቼ የአንዱ ወንበር። ዙር 10 ላይ ጥቁሩ ተቃጥሎ ድፍን ሆነ፣ ድልድዩንም ጭራሽ ረሳው። የወሰድኩት 6ኛውን፣ ማለትም 1,440 እርምጃ ያየውን ነው። የናንተ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ምልክቶቹ ግን እነዚሁ ናቸው፦ ያልጠየቁት ዕቃ መምጣት፣ የቀለም መቃጠል፣ የጠየቁትን መርሳት። ስልጠናው ትንሽ ያለፈበት ፋይል ሲያጋጥም ደግሞ ከመጣል በፊት የሎራውን ጉልበት ከ1 ወደ 0.7 ዝቅ አድርጎ ማየት ነው።

«ሎራው ራሱን የቻለ የኔ ሞዴል ነው፤ ከየትኛውም ጋር ይሠራል።»

ብቻውን አንድ መስመር እንኳን አይስልም። ዋናው ሞዴል በትላልቅ የቁጥር ሠንጠረዦች የተሞላ ነው፤ ሎራ እነሱን ሳይነካ በየጎናቸው ሁለት ቀጫጭን ሠንጠረዦች ያስቀምጣል፣ የሚሰለጥኑትም እነዚያ ብቻ ናቸው። ለምሳሌ 768 በ768 የሆነ ሠንጠረዥ 589,824 ቁጥር አለው። ቀጫጭኖቹ ሠንጠረዦች 16 ስፋት ያላቸው ሎራ ለዚያ የሚጨምረው 24,576 ብቻ ነው። ፋይሉ ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው። ድልድይ ምን እንደሚመስል የሚያውቀውም ዋናው ሞዴል ነው፣ ሎራው አሳሳሉን ብቻ ያጣምምለታል። ሠንጠረዦቹ መግጠም ስላለባቸው በስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 ላይ የሰለጠነ ሎራ ሌላ ስሪት በሆነው በኤስዲኤክስኤል ላይ አይሠራም፣ እንደገና ማሰልጠን ነው።

«ፋይሉን ለሰው ብሰጥ ሥዕሎቼን አውጥቶ ይወስዳቸዋል።»

ሥዕሎቹ እንደ ሥዕል ውስጡ አልተቀመጡም፣ ከፍቶ የሚያወጣቸው የለም። ነገር ግን እንደ ዙር 10 ከመጠን በላይ የሰለጠነ ፋይል የሥዕልህን ቅርብ አምሳያ ሊመልስ ይችላል። በደንብ የሰለጠነውም ቢሆን የያዘው ሰው ሁሉ በእጅህ ዓይነት መሳል ያስችለዋል። እኔ የኔን ለማንም አልሰጠሁም።